ትርፉ አለ፣ ገንዘቡ የለም

ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ተዘግቶ፣ የሂሳብ ሠራተኛዋ ወረቀቷን ይዛ ስትመጣ፣ ብዙ ባለወርክሾፖች አንድ ዓይነት ጥያቄ ይጠይቃሉ። ወረቀቱ “አትርፈሃል” ይላል። ባንክ ያለው ገንዘብ ግን የወሩን ደመወዝ እንኳ አይሸፍንም። “ታዲያ ትርፉ የት ገባ?” አንዳንዱ ገንዘብ ያዡን ይጠረጥራል፤ አንዳንዱ ሂሳቡ ተሳስቷል ብሎ እንደገና ያስደምራል። አብዛኛውን ጊዜ የሰረቀም የተሳሳተም የለም። ገንዘቡ መደርደሪያ ላይ ቆዳና ጫማ ሆኖ ተቀምጧል፤ ቀሪው ደግሞ በዱቤ የወሰዱ ነጋዴዎች እጅ ነው።

ነገሩን በአንድ ጫማ ሠሪ ላስረዳ። ስሙን ጠርቼ የማሳያችሁ ድርጅት አይደለም፤ ቁጥሮቹንም ለስሌት እንዲመቹ እኔው ያስቀመጥኳቸው ናቸው። የገንዘቡ አካሄድ ግን መርካቶ አካባቢ ጫማ ሠርቶ የሚሸጥ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው።

ጥቅምት 1 ቀን ቆዳ፣ ገበርና ሶል በዱቤ ገዝቶ ወርክሾፑ ያስገባል እንበል። አቅራቢው 15 ቀን ሰጥቶታል፤ ስለዚህ ጥቅምት 16 ከኪሱ አውጥቶ ይከፍላል። ቆዳው ጥቂት ሳምንታት መጋዘን ይቆያል፤ ከዚያ ይቆረጣል፣ ይሰፋል፣ ሶል ይለጠፍበታል። ጫማ ሆኖም ወዲያው አይሸጥም፣ መደርደሪያ ላይ ገዢ ይጠብቃል። ታኅሣሥ 1 ቀን፣ ማለትም ቆዳው በገባ በ60ኛው ቀን ይሸጣል። ሽያጩ ግን ገንዘብ ማለት አይደለም፤ ገዢው በዱቤ ነው የወሰደው። ብሩ እጁ የሚገባው ከ45 ቀን በኋላ ጥር 16 ነው።

አሁን ሁለት ቀኖችን ብቻ እንያዝ። ገንዘቡ ከኪሱ የወጣው ጥቅምት 16፣ ተመልሶ የገባው ጥር 16። በመካከል ድፍን ሦስት ወር፣ 90 ቀን አለ። እነዚህን 90 ቀናት ማንም አልሸፈነለትም፤ ከራሱ ካፒታል፣ ከዕቁብ ወይም ከባንክ ብድር ራሱ ነው የተሸከማቸው። የፋይናንስ ባለሙያዎች ይህን ርዝመት የጥሬ ገንዘብ ዙር ይሉታል። ቬርሊን ሪቻርድስና ዩጂን ላፍሊን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተሙት ጽሑፍ ያቀረቡት መለኪያ ነው፤ ቀመሩም ጫማ ሠሪው በጣቱ ሊቆጥረው የሚችል ነው፦

የክምችት ቀናት + የተሰብሳቢ ቀናት − የተከፋይ ቀናት = የጥሬ ገንዘብ ዙር

60 ሲደመር 45 ሲቀነስ 15፣ 90 ይሆናል። ክምችትና ዱቤ ዙሩን ያስረዝማሉ፤ አቅራቢ የሚሰጠው የመክፈያ ጊዜ ያሳጥረዋል።

እርግጥ ነው፣ በእውነተኛ ወርክሾፕ በየቀኑ ቆዳ ይገባል፣ በየቀኑ ጫማ ይወጣል፤ እያንዳንዱን ጥንድ እየተከተለ ቀን የሚቆጥር የለም። ስለዚህ ቀናቱን ከሂሳብ መዝገብ እናወጣቸዋለን። የእኛ ሰው በዓመት 18,250,000 ብር ይሸጣል፤ በቀን 50,000 ብር ማለት ነው። የሸጠውን ጫማ ለመሥራት የፈጀው ወጪ 14,600,000 ብር፣ በቀን 40,000 ብር ነው። መጋዘኑና መደርደሪያው ላይ ያለው ክምችት 2,400,000 ብር ይገመታል፤ ለ40,000 ሲካፈል 60 ቀን። ከደንበኞች የሚሰበስበው 2,250,000 ብር ነው፤ ለ50,000 ሲካፈል 45 ቀን። ለአቅራቢዎች የሚከፍለው 600,000 ብር፣ ለ40,000 ሲካፈል 15 ቀን።

ክምችቱንና የአቅራቢ ዕዳውን በወጪ፣ ዱቤውን ደግሞ በሽያጭ ያካፈልኩት በስህተት አይደለም። መደርደሪያ ላይ ያለው ጫማ መዝገብ ላይ የሚሰፍረው በወጣበት ዋጋ ነው፤ ደንበኛው ያለበት ዕዳ ግን ትርፉን ጭምር ይዟል። ይህን ያላስተዋለ ሰው ሁሉንም በሽያጭ አካፍሎ ክምችቴ 48 ቀን ነው ብሎ ራሱን ያጽናናል።

ከዚህ የባሰም ስህተት አለ፤ የሰኔ 30ን ቁጥር ብቻ ይዞ ማስላት። ጫማ የሚሸጥበት ወቅት የታወቀ ነው። የእንቁጣጣሽና የትምህርት ቤት መክፈቻ፣ ገና፣ ፋሲካ ናቸው። ጫማ ሠሪው ለመስከረም የሚሸጠውን ከሰኔ ጀምሮ ማከማቸት ስለሚጀምር፣ በጀት ዓመቱ ሲዘጋ ክምችቱ ከወትሮው ይልቅ ያበጠ ይሆናል። ፋሲካ ማግስት የቆጠረ ሰው ደግሞ ባዶ መደርደሪያ አይቶ ዙሬ አጭር ነው ይላል። መፍትሔው ቀላል ነው። በየወሩ መጨረሻ ሦስቱን ቁጥሮች መጻፍ፣ የዐሥራ ሁለቱን ወር አማካይ መውሰድ።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ትርፉ የት ገባ? ክምችቱና ተሰብሳቢው አንድ ላይ 4,650,000 ብር ነው። አቅራቢዎች ከዚህ 600,000ውን በዱቤያቸው ሸፍነውለታል። የቀረው 4,050,000 ብር የሰውየው የራሱ ነው፤ ነገር ግን እጁ ላይ የለም። በዓመቱ ያገኘው ትርፍ፣ የቤት ኪራይ፣ መብራት፣ የጥበቃና የሽያጭ ወጪ 2,200,000 ብር ተቀንሶ፣ 1,450,000 ብር ነው እንበል። ዙሩ ውስጥ የታሰረው ገንዘብ የዚህን ሦስት እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሥራው ሲያድግ የሚሆነው ነው። በሚቀጥለው ዓመት ገበያው ቀንቶት ሽያጩ በ30 በመቶ አደገ እንበል። ወጪውም በዚያው መጠን አደገ፤ ቀናቱ ግን አልተለወጡም፣ ዙሩ ያው 90 ቀን ነው። ትርፉ 1,885,000 ብር ይሆናል። መልካም ዜና ይመስላል። ነገር ግን በ30 በመቶ የበለጠ ለመሸጥ በ30 በመቶ የበለጠ ቆዳና ጫማ መደርደሪያ ላይ መኖር፣ በ30 በመቶ የበለጠ ዱቤም መሰጠት አለበት። ዙሩ ውስጥ የታሰረው 4,050,000 ብር በ1,215,000 ብር ያብጣል። ድርጅቱ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ከሆነ 30 በመቶ የንግድ ሥራ ገቢ ግብር፣ ማለትም 565,500 ብር ይከፍላል እንበል። ከ1,885,000 ላይ ሁለቱን ቀንሱ። ዓመቱን ሙሉ ለፍቶ፣ ሥራውን አሳድጎ፣ አትርፎ፣ እጁ ላይ የሚቀረው 104,500 ብር ነው። የቤተሰቡ ቀለብ ገና ከዚህ አልወጣም። ማሽን እገዛለሁ ብሎ ያሰበ እንደሆነ ከባንክ ይበደራል፤ ያደገ ሥራ ይዞ ባለዕዳ ይሆናል።

ይህ የሚደርሰው በትንሽ ወርክሾፕ ብቻ አይደለም። በዓለም ከታወቁት ኩባንያዎች አንዱ ዴል ኮምፒውተር በዚሁ መንገድ ሊወድቅ ተቃርቦ ነበር። ማይክል ዴል ድርጅቱን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1984፣ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የ19 ዓመት ተማሪ ሳለ በ1,000 ዶላር ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1993 በተዘጋው የሂሳብ ዓመት የኩባንያው ሽያጭ ከ890 ሚሊዮን ዶላር ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር ዘለለ፤ በአንድ ዓመት ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። እንደ ጫማ ሠሪያችን ሁሉ እድገቱ ራሱ ገንዘቡን ዋጠው። በዚያው ዓመት የካቲት ላይ አክሲዮን ሸጦ ገንዘብ ለማሰባሰብ የያዘውን ዕቅድ ሰረዘ፤ በቀጣዩ የሂሳብ ዓመትም 36 ሚሊዮን ዶላር ከሰረ። ያኔ ኩባንያው የሚያስቀድመውን ነገር ቅደም ተከተል ለወጠ። ከዚያ በፊት እድገት ብቻ ነበር መሪ ቃሉ። በአዲሱ የፋይናንስ ኃላፊ በቶም ሜሬዲት ዘመን ግን የእጅ ጥሬ ገንዘብ ይቅደም፣ ቀጥሎ ትርፍ፣ እድገት ሦስተኛ ይሁን ተባለ።

የተከተለው ውጤት በቁጥር ይነበባል። እ.ኤ.አ. በጥር 1996 የዴል የክምችት ቀናት 31፣ የተሰብሳቢ ቀናት 42፣ የተከፋይ ቀናት 33 ነበሩ፤ ዙሩ 40 ቀን ነው። ከአንድ ዓመት በኋላ ክምችቱ 13 ቀን፣ ተሰብሳቢው 37 ቀን፣ ተከፋዩ 54 ቀን ሆነ። 13 ሲደመር 37 ሲቀነስ 54፣ ከዜሮ በታች 4 ነው። ዴል ለዕቃ አቅራቢዎቹ ከመክፈሉ በአማካይ ከአራት ቀን በፊት የደንበኛውን ገንዘብ ይቀበል ጀመር ማለት ነው። ሽያጩ ከ5.3 ቢሊዮን ወደ 7.8 ቢሊዮን ዶላር ሲያድግ፣ መጋዘን ያለው ክምችት ግን ከ429 ሚሊዮን ወደ 251 ሚሊዮን ዶላር ወረደ። በዚያ ዓመት የተጣራ ትርፉ 518 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ከሥራው የገባው ጥሬ ገንዘብ ግን 1.36 ቢሊዮን ዶላር። ከአንድ ዓመት በፊት ከሥራው የገባው 175 ሚሊዮን ብቻ ነበር። ጫማ ሠሪውን ያደኸየው እድገት ዴልን አበለጸገው። ልዩነቱ የዙሩ ርዝመት ነው።

እንዴት አደረጉት? ዴል ኮምፒውተር ሠርቶ ገዢ አይጠብቅም ነበር፤ ደንበኛው በስልክ፣ በኋላም በኢንተርኔት ካዘዘ በኋላ ነው የሚገጣጠመው። አቅራቢዎችም ዕቃቸውን ፋብሪካው አጠገብ በራሳቸው መጋዘን እንዲያቆዩ፣ ሲጠራም በትንሽ በትንሹ እንዲያስገቡ ተደረገ። ለዚህ የበረታ ምክንያት ነበረው። የኮምፒውተር ዕቃ ዋጋ ያኔ በየሳምንቱ ይወርድ ነበር። ዛሬ ተገዝቶ መጋዘን የተቀመጠ ዕቃ ከወር በኋላ ተፎካካሪው በርካሽ የሚገዛው ይሆን ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ጥያቄ ሊያነሳ ይገባል፤ እኔም ብዙ ጊዜ ያሰብኩበት ነው። በእኛ ገበያ ዋጋ አይወርድም፣ ይወጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በዚያ ሰሞን መጋዘኑ ከውጭ በመጣ ሶልና ማስቲሽ የተሞላ ሰው ተጠቅሟል እንጂ አልተጎዳም። ታዲያ ክምችት መቀነስ ለእኛ ምን ይበጃል?

ጥያቄው ትክክል ነው፤ መልሱ ግን ዕቃን ከዕቃ መለየት ነው። ከውጭ የሚመጣ፣ የማይበላሽ፣ እንደልብ የማይገኝ ዕቃ ማቆየት በዋጋ ንረት ጊዜ አያስከስር ይሆናል። የዘንድሮ ፋሽን ሆኖ የተሰፋ፣ ቁጥሩ የማይሄድ ጫማ ግን ዋጋው አይወጣም፣ ይወርዳል። ዱቤማ ከሁሉም የከፋ ነው። ደንበኛው ጋ ያለው ብር በቁጥሩ እንደታሰረ ይኖራል፤ ቆዳ በ20 በመቶ ቢወደድ ደንበኛው 20 በመቶ ጨምሮ አይከፍልም። ስለዚህ ዋጋ በሚንርበት አገር መጀመሪያ ማሳጠር የሚገባው የተሰብሳቢ ቀናትን ነው ባይ ነኝ፤ ክምችት ሁለተኛ ይምጣ። በዚህ ከዴል መንገድ እንለያለን።

እንግዲህ የጫማ ሠሪውን ዱቤ ከፍተን እንየው። 45 ቀን አማካይ ነው፤ አማካይ ደግሞ ብዙ ይሸፍናል። በቀን ከሚሸጠው 50,000 ብር ግማሹ በእጅ በእጅ ነው፤ ዜሮ ቀን። ሌላው 25,000 ብር ለሱቆችና ለጅምላ ነጋዴዎች በዱቤ ይሄዳል፤ ያ ገንዘብ 90 ቀን ቆይቶ ነው የሚመጣው። ውሉን አውጥተው ሲያዩት የተጻፈው 60 ቀን ነው። እነዚያን ተጨማሪ 30 ቀናት ማን ሰጠ? ማንም አልሰጠም፤ በቸልታ ሄዱ።

ምክንያቱን ለማግኘት እያንዳንዱን ያልተከፈለ ደረሰኝ በዕድሜው መደርደር ያስፈልጋል። ገና ያልደረሰ፣ እስከ 30 ቀን ያለፈው፣ እስከ 60 ቀን ያለፈው፣ ከዚያ በላይ የቆየ እያሉ መለየት ነው። ሲደረደር ሁለት ነገር ብቅ ይላል። አንደኛው፣ ጫማው ደርሶ ደረሰኙ ከሳምንት ወይም ከዐሥር ቀን በኋላ ነው የሚላከው፤ ገዢው 60 ቀኑን መቁጠር የሚጀምረው ደረሰኙን ካየ ወዲህ ነው። ሁለተኛው፣ “42 ቁጥር አጉድለሃል፣ የላክኸው ቀለም ያዘዝኩት አይደለም” የሚል ክርክር ተነስቶ፣ ክርክሩ እስኪያልቅ የሁለት ጥንድ ጉዳይ የመቶ ጥንዱን ክፍያ ይዞት ይቆያል። መድኃኒቱ ደረሰኙን ከዕቃው ጋር አብሮ መላክ፣ በየቁጥሩና በየቀለሙ ተቆጥሮ የተፈረመበት የርክክብ ወረቀት መያዝ፣ የመክፈያው ቀን ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው መደወል ነው። ይህ ሁሉ የአንድ ጠንቃቃ ሠራተኛ ሥራ ነው። የዱቤው ጊዜ ከ90 ወደ 70 ቀን ቢወርድ እንኳ፣ ገና ውሉ ላይ ሳይደርስ፣ 25,000 በ20 ሲባዛ 500,000 ብር ይለቀቃል። አማካዩም ከ45 ወደ 35 ቀን ይወርዳል።

በዱቤ መሸጥ የማይታይ ሌላ ዋጋም አለው። ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበ ሰው የ100,000 ብር ጫማ በዱቤ ሸጦ ደረሰኝ ሲቆርጥ፣ 15,000 ብር ታክስ ይጨምርበታል። በግዢ ላይ የከፈለውን ቀንሶ ልዩነቱን በቀጣዩ ወር ለገቢዎች ያስረክባል። ደንበኛው ግን በ90ኛው ቀን ነው የሚከፍለው። ስለዚህ ሻጩ ያልተቀበለውን ታክስ አስቀድሞ ከኪሱ ይከፍላል።

ቶሎ ለሚከፍል ቅናሽ መስጠትስ? ብዙዎች ይህን እንደ ቀላል መፍትሔ ያዩታል፤ ስሌቱን ግን ጥቂቶች ናቸው የሚሠሩት። በ90 ቀን የሚከፍለው ነጋዴ በ50 ቀን እንዲከፍል 2 በመቶ ቢቀነስለት፣ 98 ብር ከ40 ቀን በፊት ለማግኘት 2 ብር ተከፈለ ማለት ነው። በዓመት ሲታሰብ 18.6 በመቶ ወለድ ይሆናል። ባንኩ በ18 በመቶ የሚያበድር ከሆነ ቅናሹ ከብድር አይረክስም። ብድር ለማይገኝለት ሰው ይጠቅም ይሆናል፤ መጀመሪያ ግን በቸልታ የጠፉትን 30 ቀናት ያለ ቅናሽ ማስመለስ ይቀላል።

ወደ ክምችቱ ስንገባ 60 ቀኑ በሦስት ይከፈላል። ያልተቆረጠ ቆዳ፣ ሶልና ገበር 24 ቀን፣ በሥራ ላይ ያለው 6 ቀን፣ ያለቀለት ጫማ 30 ቀን። የመጨረሻው ላይ ነው ገንዘብ የሚሞተው። መደርደሪያውን በቁጥር ሲቆጥሩት 40፣ 41 እና 42 ቁጥር ጥቂት ሲሆኑ፣ 38 እና 45 ቁጥር አቧራ ለብሰው ይገኛሉ፤ ቆራጩ በለመደው መጠን ስለሚቆርጥ ነው። ያለፈውን ዓመት ሽያጭ በቁጥር በቁጥር ጽፎ በዚያ መጠን ማስቆረጥ፣ የማይሄደውን በወጪው ዋጋም ቢሆን መሸጥ የ7 ቀን ክምችት ሊቀንስ ይችላል። ቆዳውን በወር አንዴ ከመግዛት በየሳምንቱ መግዛት ደግሞ 8 ቀን። ሶሉ ከውጭ የሚመጣና አንዳንዴ ከገበያ የሚጠፋ ከሆነ አይነካ፤ ሶል አጥቶ ሥራ ከሚቆም ገንዘቡ እዚያ ቢታሰር ይሻላል። 15 ቀን ተቀነሰ ማለት 15 በ40,000፣ 600,000 ብር ነው።

ክምችት ከልክ በላይ ሲቀነስም ይታወቃል። ደንበኛ መጥቶ “41 የለም” ተብሎ ሲመለስ ያ ሽያጭ በየትኛውም መዝገብ አይጻፍም። ስለዚህ ሻጩ ደብተር ይዞ የተመለሰውን ሰውና የጠየቀውን ቁጥር ይጻፍ። የተመላሾቹ ብዛት እያደገ ከሄደ መቀነሱ ይብቃ።

የቀረው ሦስተኛው መንገድ ነው፤ ለአቅራቢ ዘግይቶ መክፈል። በወረቀት ላይ ከሁሉም የቀለለው ይህ ነው፤ ደረሰኝ መደርደርም ጫማ መቁጠርም አይጠይቅም፣ አለመክፈል ብቻ ነው። ለእኔ ግን ከሁሉም የሚያሰጋኝ እሱ ነው። አንዱ ያሳጠረው ቀን ሌላው ላይ ይጨመራል። የእኔ ተከፋይ ያንተ ተሰብሳቢ ነው። ቆዳ አቅራቢው ደግሞ ከቆዳ ፋብሪካው በጥሬ ገንዘብ የገዛ ሊሆን ይችላል። ሶል አስመጪውማ ዕቃው መርከብ ላይ ሳይጫን ባንክ ሄዶ የክፍያ ሰነድ ሲያስከፍት ገንዘቡን አስይዟል። የእሱ የተከፋይ ቀናት ከዜሮ በታች ናቸው፤ ዕቃውን ሳያይ ከፍሏል። ጅቡቲ ወደብ ላይ የሚቆየው እያንዳንዱ ቀን በእሱ ዙር ላይ ይደመራል። እንዲህ ያለውን ሰው ሌላ ሁለት ወር ማስጠበቅ ወይ ዋጋ ያስጨምረዋል፣ ወይ በሚቀጥለው ጊዜ መልካሙን ሶል ለሌላ ያስሸጠዋል።

በትልቅ ደረጃ ሲደረግ ምን እንደሚያመጣ እንግሊዞች አይተዋል። ካሪሊየን የተባለው የግንባታና የአገልግሎት ኩባንያ ለንዑስ ተቋራጮቹና ለአቅራቢዎቹ ያወጣው የመክፈያ ጊዜ 120 ቀን ነበር። አራት ወር መጠበቅ ያልቻለ በ45 ቀን እንዲከፈለው ከፈለገ ከገዛ ገንዘቡ ቅናሽ ይቆረጥበታል። ኩባንያው የሥራ ማስኬጃውን ከአቅራቢዎቹ ኪስ ያገኝ ነበር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 15 ቀን 2018 ሲፈርስ 7 ቢሊዮን ፓውንድ የሚጠጋ ዕዳ ነበረበት፤ እጁ ላይ የነበረው ጥሬ ገንዘብ 29 ሚሊዮን ፓውንድ ብቻ። ወደ 2 ቢሊዮን ፓውንድ የሚሆን ገንዘብ የነበራቸው 30,000 ገደማ አቅራቢዎች አብረው ተጎዱ። የካሪሊየንን የተከፋይ ቀናት ብቻ አይቶ “ዙሩን እንዴት ጎበዝ አሳጥሮታል” ያለ ሰው እጅግ ተሳስቶ ነበር። የተከፋይ ቀናት እየረዘሙ ክምችቱና ተሰብሳቢው ካልቀነሱ፣ ድርጅቱ ብርቱ አልሆነም፤ መክፈል አቅቶታል።

ዴልም ተከፋዩን ከ33 ወደ 54 ቀን አስረዝሞታል፤ ይህ አይካድም። ነገር ግን በዚያው ዓመት የክምችት ቀናቱን ከግማሽ በላይ ቀንሷል፤ እጁ ላይም ጥሬ ገንዘብ ነበረው። በስምምነት የተገኘ የመክፈያ ጊዜና በማጣት የመጣ መዘግየት መዝገብ ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ናቸው፤ የሚለያቸው በቀጠሮው ቀን መከፈሉ ነው።

ስለዚህ ጫማ ሠሪው ከአቅራቢው ጋር ተነጋግሮ፣ በየሳምንቱ ስለሚገዛና ቀጠሮ ስለማያሳልፍ፣ 15ን ወደ 20 ቀን ብቻ አሳደገ እንበል። 200,000 ብር ተጨመረለት። ከክምችት 600,000፣ ከዱቤ 500,000፣ ከአቅራቢ 200,000። ዙሩ ከ90 ወደ 60 ቀን ወረደ፤ 1,300,000 ብር ተለቀቀ። ያን ያህል ገንዘብ ከባንክ በ18 በመቶ ቢበደር በዓመት 234,000 ብር ወለድ ይከፍልበት ነበር። አንድ ጥንድ ጫማ ተጨማሪ አልሸጠም፣ ዋጋም አልጨመረም። ገንዘቡ የሚለቀቀው ግን አንድ ጊዜ ነው፤ በየዓመቱ አይደገምም። ቀናቱ ተመልሰው ከረዘሙ ደግሞ ይመለሳል። የእድገቱን ስሌት እንደገና ብንሠራው፣ በ60 ቀን ዙር የታሰረው ገንዘብ 2,750,000 ብር ነው፤ 30 በመቶ እድገት የሚዋጠውም ከ1,215,000 ወደ 825,000 ብር ይወርዳል። ከግብር በኋላ እጁ የሚቀረው 104,500 ሳይሆን 494,500 ብር ይሆናል።

ይህን ጽሑፍ ለሚያነቡ የድርጅት ገንዘብ ኃላፊዎች፣ የግዢ ሠራተኞችና ጅምላ ነጋዴዎች አንድ ልመና አለኝ። ጠረጴዛችሁ ላይ የትንሽ ወርክሾፕ ደረሰኝ ካለ ቀኑን ተመልከቱ። ቀጠሮው አልፎ ከሆነ፣ ያ ገንዘብ የሌላ ሰው ደመወዝና የቆዳ መግዣ ነው፤ ዛሬ ፈርሙበት።